አዲስ ዕቃ ሲወጣ፦ ስለ ሳምንቱ ካፕሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቲዘር ማለት ምንም ሳይናገሩ ማጓጓት ነው።»

«በቅርብ ቀን! ይጠብቁን!» የሚለውን ያነበበ ሰው የሚመጣው ስልክ ይሁን ምግብ ቤት አያውቅም፤ ስለዚህ አይጠብቅም። ዕቃው ከመውጣቱ በፊት የሚለጠፈው ቲዘር ዕቃው ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ የሚደብቀው መልኩንና ዋጋውን ነው።

ቸርችል ጎዳና ያለ የቆዳ ሱቅ ቅዳሜ የላፕቶፕ ቦርሳ ሊያወጣ ነው እንበል። መጀመሪያ የሚጻፈው የቅዳሜው ካፕሽን ነው። እሱ ሙሉ ሆኖ ሲያልቅ ቲዘሮቹ ከውስጡ ይወጣሉ። ማክሰኞ፣ ከስፌቱ የቅርብ ፎቶ ጋር፦ «ላፕቶፕ አንግታችሁ የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ ለምታውቁ፣ ቅዳሜ የምናሳያችሁ ነገር አለ።» ሐሙስ፦ «ቻርጀሩ የራሱ ኪስ አለው። በትከሻም በጀርባም ይያዛል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት።» ከዚህ በላይ ቲዘር አያስፈልግም፤ ሦስተኛው ያሰለቻል።

«ዋጋ ከተጻፈ ሰው ይሸሻል፤ በውስጥ መስመር ያናግሩን ማለት ይሻላል።»

በዋጋው የሚሸሽ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆም ይሸሻል፤ ትርፉ እናንተ መልስ ስትጽፉ መዋላችሁ ነው። ሊገዛ የነበረው ደግሞ መልሳችሁ እስኪደርስ ሌላ ሱቅ ያያል። ቅዳሜ ምንም አይደበቅም፦

«የላፕቶፕ ቦርሳው ወጥቷል፤ 4,800 ብር። እስከ 15.6 ኢንች ይይዛል። ጥቁርና ቡናማ። ቸርችል ጎዳና፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወርዱ በስተቀኝ። በቴሌብር መክፈል ይቻላል።»

ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ቢቀበልም መጀመሪያ የሚያሳየው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ሌላው የሚነበበው ሰው ከነካው ነው። ዕቃውና ዋጋው መጀመሪያ መስመር ላይ የገቡት ለዚህ ነው። «ውድ ደንበኞቻችን በታላቅ ደስታ...» ብሎ የጀመረ ካፕሽን ዋናውን ነገር ሳይናገር ይቆረጣል።

«ፖስቱን ሰዓት ሞልቼ ቀጠሮ ካስያዝኩት በራሱ ይወጣል።»

ይወጣል፤ ግን ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ የጠዋቱ 4 ሰዓት 10:00 ተብሎ ነው የሚሞላው። 4:00 ከሞላችሁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይለጠፋል።

«ከወጣ በኋላ አሁንም አለ እያሉ መድገም ነው።»

የእሑድና የሰኞ ካፕሽን አስቀድሞ አይጻፍም፤ ቀኑ ብቻ ይያዛል። ቅዳሜ በኮሜንትም፣ በቴሌግራምም፣ ሱቅ በመጣ ሰውም የተጠየቀውን በማስታወሻ ያዙ። ብዙዎች «ዝናብ ያበላሸዋል?» ካሉ የእሑዱ ፖስት እሱው ነው፦ ውሃ የፈሰሰበት ቦርሳ ቪዲዮና «ካፊያ ይችላል፤ ከባድ ዝናብ ውስጥ ግን ሸፍኑት» የሚል ሐቀኛ መልስ። ራሳችሁ ሳትሞክሩት መልሱን እንዳትጽፉት ብቻ። ሰኞ ሁለተኛው ጥያቄ ይመለሳል።

ቡናማው ካለቀ አዲስ ፖስት ከማውጣት በፊት የቅዳሜውን ካፕሽን አርሙት፤ ኢንስታግራምም የቴሌግራም ቻናልም ከተለጠፈ በኋላ ማረም ይፈቅዳሉ። ሰው በሳምንቱም የሚያገኘው እሱን ፖስት ነው፤ ካልታረመ ለሌለ ቀለም ቸርችልን ይወጣል።