ሁለት ፎቶዎች እኩል ሲወጡ፦ መለያው ምን ነበር?

ሐዋሳ ውስጥ ፎቶ ማወዳደር አስቸጋሪ የሚሆነው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ስለሚያነሳ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር፣ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ፣ እሑድ ደግሞ ታቦር ተራራ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል። ሠላሳ ፎቶ ቢሰበሰብ ግማሹ ጀልባ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ዓሣ ሲበለት ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ። ፎቶዎቹ ሲመሳሰሉ ነጥቡም ይቀራረባል። ነጥብ ሲቀራረብ ደግሞ እኩል የሚወጡ አይጠፉም።

እኩል የወጡትን የሚለየው ደንብ በዚህ ጽሑፍ «መለያ» ይባላል። ቃሉን ከኳስ ሜዳ «መለያ ምት» ለምደነዋል። ልዩነቱ፣ መለያ ምት ሁሉም እያየ ይመታል። የፎቶ መለያ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ሰው ሻይ ይዞ፣ በሹክሹክታ ያልቃል። ውጤቱ ሲነገር «1ኛ እገሌ፣ 2ኛ እገሌ» ይባላል። ድምሩ እኩል እንደነበር የሚያነሳ የለም። ኩርፊያው የሚመጣው ተወዳዳሪው የነጥብ ወረቀቱን ያየ ቀን ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሦስት ዳኞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ100 ይሰጣሉ። መቶው እንዲህ ተከፍሏል፦ ለይዘት 40፣ ለአቀማመጥ 25፣ ለብርሃን 20፣ ለጥራት 15። ፎቶ «ሀ» አሞራ ገደል ላይ አንድ ልጅ ቆሮሶ ዓሣ ሲበልት ያሳያል፤ ከኋላው አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቷል። ፎቶ «ለ» ገና ሲነጋ ሐይቁ ላይ የቆሙ ሁለት ጀልባዎችን ያሳያል፤ ውኃው መስታወት መስሏል።

የመጀመሪያው ዳኛ ለ«ሀ» 88፣ ለ«ለ» 80 ሰጠ። ሁለተኛው 79 እና 84። ሦስተኛው 79 እና 82። ደምሩት፤ ሁለቱም 246 ናቸው።

ታዲያ ማን ያሸንፍ? አንዱ ሰው «ስንት ዳኛ የትኛውን መረጠ ብለን እንቁጠር» ይላል። ሁለት ዳኞች «ለ»ን አስበልጠዋል፤ ስለዚህ «ለ» ያሸንፋል። ሌላው «ትልቁን ክብደት የያዘው ይዘት ነው፤ በእሱ እንለያቸው» ይላል። የሦስቱም ዳኞች የይዘት ነጥብ ሲደመር «ሀ» ከ120 104፣ «ለ» ደግሞ 97 አላቸው። በዚህኛው «ሀ» ያሸንፋል። ሁለቱም ሐሳቦች ምክንያታዊ ናቸው። ሁለቱም በየውድድሩ የሚሠራባቸው ናቸው። አሸናፊያቸው ግን ለየቅል ነው።

የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ድምር እኩል ሲሆን አሸናፊውን የሚመርጠው መለያው ነው። መለያው ነጥቡ ከታወቀ በኋላ ከተመረጠ፣ መለያውን የመረጠው ሰው አሸናፊውን መረጠ ማለት ነው፤ ያን ሳያስብ ቢያደርገው እንኳ። ስለዚህ መለያው ፎቶ ከመሰብሰቡ በፊት ደንቡ ላይ ይጻፋል። ቅደም ተከተልም ይኖረዋል፦ መጀመሪያ ይዘት፣ እሱም እኩል ከሆነ አቀማመጥ፣ ከዚያ ብርሃን። በምሳሌያችን በአቀማመጥ ሁለቱም ከ75 እኩል 62 አላቸው። ደንቡ አቀማመጥን ብቻ መለያ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ዳኞቹ ያው የነበሩበት ቦታ ላይ ይቀሩ ነበር።

የ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ትዝ ይለን የለ? ሴኔጋልና ጃፓን በነጥብ እኩል፣ በግብ ልዩነት እኩል፣ ባገቡትም ግብ እኩል ሆኑ። እርስ በርስ ተጫውተው ደግሞ 2 ለ 2 ወጥተዋል። የለያቸው ቢጫ ካርድ ነበር፤ ጃፓን 4፣ ሴኔጋል 6። ጃፓን አለፈ። እኛ ሰፈር ስንት ሰው እንደተናደደ አስታውሳለሁ። መለያው መናኛ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም እላለሁ። ነገር ግን ከጨዋታው በፊት የተጻፈ ነበር፤ ስንት ለስንት እንደሆነም ተነገረ። የተናደደውም ሰው የተናደደበትን ነገር በትክክል ያውቅ ነበር።

ወደ ፎቶዎቹ እንመለስ። ደንቡ «እኩል ከሆኑ በይዘት ይለያሉ» ይላል እንበል። ከውጤቱ ጋር የሚለጠፈው ማብራሪያ ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«ፎቶ ሀ እና ፎቶ ለ በድምር እኩል 246 ነጥብ አግኝተዋል። በደንቡ መሠረት እኩል የወጡ ፎቶዎች የሚለዩት በይዘት ነጥብ ነው። በይዘት ሀ 104፣ ለ 97 አላቸው። ስለዚህ ሀ 1ኛ፣ ለ 2ኛ ሆነዋል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እኩልነቱን ያምናል። ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ውጤቱን ያሳነሰ ስለሚመስለው። ሁለተኛው መለያውን በስሙ ይጠራል፤ ከየት እንደመጣም ይናገራል። ሦስተኛው ቁጥሩን ያስቀምጣል፤ ማንም ሰው የነጥብ ወረቀቱን ይዞ ሊያመሳክር ይችላል። አራተኛው ደረጃውን ይሰጣል። «ሀ እጅግ ድንቅ ፎቶ በመሆኑ» የሚል ነገር የለበትም። አለመኖሩም በምክንያት ነው። በብርሃን ከ60 «ለ» 52 ሲያገኝ «ሀ» ያገኘው 44 ነው። «ሀ በሁሉም በልጦ» ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። ደረጃው ከተሰጠ በኋላ ማሞገሻ መፈለግ የተለመደ በሽታ ነው፤ መለያው የሠራውን ሥራ ለፎቶው ያሸክመዋል።

የ«ለ» ባለቤት መጥታ «ሁለት ዳኞች የኔን አይደል እንዴ ያስበለጡት?» ብትል መልሱ «ልክ ነሽ እህቴ፣ ሁለቱ ያንቺን አስበልጠዋል። ደንቡ ግን የሚለየው በዳኛ ብዛት ሳይሆን በይዘት ነው፤ ስትመዘገቢ የፈረምሽበት ወረቀት ላይ አለ» ነው። እውነቱን ክዶ መከራከር አያስፈልግም። ላትስማማ ትችላለች። «ለሚቀጥለው በዳኛ ብዛት ይሁን» ብትልም ተገቢ ሐሳብ ነው።

አሁን ደግሞ ሳይታወቅ ስለሚሠራው መለያ። እኔ ውጤት ስደምር አንዴ የደረሰብኝ ነው። ነጥቡን ኤክሴል ላይ አስገብቼ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኩት። ሁለት ፎቶዎች እኩል ነበሩ፤ አላየሁም። ኤክሴል ሲደረድር እኩል የሆኑትን አያንቀሳቅስም፤ ቀድሞ የተጻፈው ከላይ ይቀራል። እኔም ከላይ ያለውን 3ኛ፣ ከታች ያለውን 4ኛ ብዬ ላክሁ። መለያዬ «ማን ቀድሞ ላከ» ሆኖ አረፈው! ማንም አልወሰነውም፤ ማንም አላወቀውም። ኢንተርኔቱ የፈጠነለት ሰው ሽልማት ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ ከድምሩ ጎን አንድ ዓምድ እጨምራለሁ። ድምሩ በ`E` ዓምድ ቢሆን፣ ሠላሳ ፎቶም ቢኖር፣ እንዲህ ነው፦

```
=COUNTIF($E$2:$E$31,E2)
=RANK.EQ(E2,$E$2:$E$31,0)
```

የመጀመሪያው ያንን ድምር ያገኙ ፎቶዎች ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። ከ1 በላይ ካሳየ እኩል የወጣ አለ። ሁለተኛው ደረጃ ይሰጣል፤ እኩል ለሆኑት አንድ ዓይነት ደረጃ ሰጥቶ ቀጣዩን ይዘላል፤ 1፣ 2፣ 2፣ 4 እንደማለት ነው። ስለዚህ 3ኛ ከጠፋ አትደንግጡ፤ አልተረሳም።

የውሸት እኩልነትም አለ። አንድ ፎቶ በድምር 246፣ ሌላው 245 ቢያገኝ አማካያቸው 82 እና 81.67 ነው። ኤክሴሉ ያለ አሥርዮሽ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲያሳይ ከተደረገ ሁለቱም 82 ሆነው ይታያሉ። እዚህ ላይ መለያ አያስፈልግም፤ 246 ከ245 ይበልጣል፣ አለቀ። ማብራሪያው ላይ ግን «82 እና 82» ተብሎ ከተለጠፈ ተወዳዳሪው እኩል ነበርን ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከአማካይ ይልቅ ድምሩን መለጠፍ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ከሁሉ የሚከፋው መለያ ግን ነጥቡ ውስጥ የሚደበቀው ነው። እኩል መሆናቸው ሲታወቅ አንዱ ዳኛ «በቃ እኔ አንድ ነጥብ እጨምርለትና እንገላገል» ይላል። 79 የነበረው 80 ይሆናል፤ ድምሩ 247 ለ 246። ወረቀቱ ላይ ሲታይ እኩልነት ኖሮ አያውቅም። ማብራሪያም የሚጠይቅ አይኖርም። ቀላል ስለሆነ ብዙ ቦታ ይደረጋል። ዳኛው ግን ያየው ነገር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሌላው ሰው የሰጠውን ማወቁ ነው። መፍትሔው ቅጹ ከመደመሩ በፊት ተፈርሞ መሰብሰቡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዕር አይነካውም።

የተጻፈው መለያ ሁሉ ተሞክሮ አሁንም እኩል ከሆኑስ? ጥቂት ደንቦች ዳኞቹ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ዳግም አይተው አንዱን እንዲመርጡ ያዛሉ። ጥሩ ነው፤ ዳኞቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ ይለያል። ሁለቱም በአንድ ስክሪን፣ በአንድ መጠን መታየት አለባቸው። አንዱ በቴሌግራም እንደ ፎቶ፣ ሌላው እንደ ፋይል ተልኮ ከሆነ የመጀመሪያው ተጨምቆ ጥራቱ ወርዷል፤ ዳኛው ፎቶግራፍ አንሺውን ሳይሆን ቴሌግራምን እየዳኘ ነው። ማብራሪያውም «በድጋሚ እይታ 2 ለ 1» ብሎ ቁጥሩን ይናገራል። እጣም ቢሆን ደንቡ ላይ ካለ ነውር የለውም፤ «በእጣ ተለዩ» ብሎ መጻፍ ግን ግድ ነው። የላይክ ብዛትን መለያ ማድረግ አልወድም። እሱ የሚለካው ዘመድና ጓደኛን ነው።

አለመለየትም ይቻላል። 17ኛ እና 18ኛ ላይ ያሉ ፎቶዎች እኩል ቢወጡ ሁለቱም 17ኛ ናቸው፤ መለያ ፍለጋ መድከም የለም። ሽልማት ባለበት ቦታም መጋራት ይፈቀዳል። 2ኛ 6,000 ብር፣ 3ኛ 4,000 ብር ቢሆንና ሁለት ፎቶዎች 2ኛን ቢጋሩ፣ ሁለቱ ሽልማቶች ተደምረው ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 5,000። ቀጣዩ ፎቶ 4ኛ ነው እንጂ 3ኛ አይደለም። ይህም ቀድሞ ካልተጻፈ 4ኛ የወጣው ሰው «3ኛ ማን ወሰደ?» ብሎ መምጣቱ አይቀርም።