የሌለን ዘመድ በአሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ ስለ መጨመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፎቶ ካለ፣ ሌላው በኮምፒውተር ይስተካከላል።»

ከጥራት በፊት መታየት ያለበት የብርሃኑ አቅጣጫ ነው። የምንሠራበት የቡድን ፎቶ ከቤት ውጭ የተነሣ፣ ሁለት ረድፍ ያለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው እንበል። ፀሐይዋ ከግራ በኩል ከፍ ብላ ስለምታበራ፣ የሁሉም ሰው የአፍንጫ ጥላ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ በስተቀኝ ያለው ጉንጭም ጠቆር ይላል። እጃችን ላይ ያለው ጥርት ያለ ምስል ግን ለመታወቂያ በፍላሽ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ነው። ፊት ለፊት የመጣው ፍላሽ የፊቱን ጥላ አጥፍቶታል። የጠፋውን ጥላ በእጅ መሣል የጉንጩንና የአገጩን ቅርጽ በግምት መፍጠር ስለሆነ፣ ሰውየው ቀስ በቀስ ራሱን መምሰል ያቆማል። ስለዚህ ትንሽ ደብዘዝ ያለም ቢሆን ከጎን በመጣ የፀሐይ ብርሃን የተነሣ ምስል ይሻላል፤ ድብዘዛው ለአሮጌ ፎቶ እንከን አይሆንበትም።

«ብርሃኑ ከተቃራኒው ጎን ከመጣ ፎቶውን መገልበጥ ነው።»

አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። የፀጉሩ ክፍፍልና በጉንጩ ላይ ያለው ምልክት ጎናቸውን ይለውጣሉ፤ የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ተደርቦ የሚቆለፍ ሆኖ ሳለ በተገለበጠው ፎቶ ላይ በተቃራኒው ይታያል። ቤተሰቡ ምን እንደተበላሸ ባይናገር እንኳ «እሱን አይመስልም» ማለቱ አይቀርም። ከተገለበጠ፣ ቢያንስ ምልክቱንና የፀጉሩን ክፍፍል ወደ ቦታቸው መመለስ ያስፈልጋል።

«መጠኑ የሚለካው አጠገቡ ከሚቆመው ሰው ቁመት ጋር በማስተያየት ነው።»

አዋቂዎች በቁመት በእጅጉ ይለያያሉ፤ በራስ መጠን ግን ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ የሚለካው ከአገጭ እስከ አናት ያለው ርቀት ነው። መለኪያ የሚሆኑትም በዚያው ረድፍ ያሉ አዋቂዎች እንጂ ልጆች አይደሉም። በምሳሌያችን ከካሜራው 3 ሜትር ርቀው የተቀመጡት የፊት ረድፍ ሰዎች ራስ 240 ፒክሰል ቢሆን፣ በ4 ሜትር ርቀት የቆሙት የኋለኞቹ ራስ 180 ፒክሰል ገደማ ይሆናል። የምንጩ ፎቶ ራስ 600 ፒክሰል ከሆነና ሰውየው ከኋላ እንዲቆም ከተፈለገ፣ ምስሉ ወደ 30 በመቶ ይቀነሳል። በፊተኛው ረድፍ ከተለካ ግን ራሱ ከጎረቤቱ በሲሶ ይበልጣል። ሰውየው በሕይወቱ ረጅም ከነበረ ምስሉ ከፍ ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይተልቅም።

መጠን የማያስተካክለው ነገርም አለ፦ በጣም ከቅርብ በተነሣ ፎቶ አፍንጫ ይገንናል፣ ጆሮም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ይህ ምስሉ ቢያንስም አይጠፋም።

«ጥቁሩ ድቅድቅ፣ ነጩም ንጹሕ ቢሆን ፎቶው ያምራል።»

ያምር ይሆናል፣ ግን አይመሳሰልም። በደበዘዘ ፎቶ ላይ የጎረቤቱ ኮት ጥቁሩ ቦታ ከድቅድቁ ጥቁር 0 ይልቅ 45፣ የሸሚዙ ነጭ ደግሞ ከንጹሑ ነጭ 255 ይልቅ 220 ሊያነብ ይችላል። የተጨመረው ሰው ጥቁርና ነጭ በፎቶሾፕ የ Curves መሣሪያ ወደነዚሁ ቁጥሮች ይመጣሉ።

«በመጨረሻ ኖይዝ ከተጨመረበት ቅንጣቱ ይመሳሰላል።»

አብዛኛው ሥራ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ወደ 30 በመቶ ሲቀነስ የራሱ ቅንጣት፣ ማለትም በፎቶው ላይ የሚታየው የጥቃቅን ነጥቦች ሸካራነት፣ አብሮ ስለሚያንስ፣ ፊቱ እንደ ላስቲክ የለሰለሰ ይመስላል። በላዩ የሚጨመረው ተራ ኖይዝ ደግሞ አንድ አንድ ፒክሰል የሚያህል ሹል ነጥብ ነው፤ በደንብ ስካን በተደረገ አሮጌ ፎቶ ላይ ያለው ቅንጣት ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ፒክሰሎች የሚሸፍንና ዳር ዳሩ የለዘበ ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለድብዘዛው ነው። የጎረቤቱ የሸሚዝ ኮሌታ ከነጭ ወደ ጥቁር ለመሸጋገር 4 ፒክሰል ከወሰደ፣ የተጨመረው ሰው ኮሌታም ያን ያህል እስኪወስድ ይደበዝዛል፤ ተቆርጦ የወጣበት ጠርዝም እንዲሁ። ከዚያ በፎቶሾፕ በ50% ግራጫ የተሞላ አዲስ ሌየር በ Overlay ይከፈትና Add Noise በ Gaussian እና Monochromatic ይሰጠዋል፤ ቀጥሎም የነጥቦቹ መጠን ከአሮጌው ቅንጣት ጋር እስኪተካከል ድረስ በ Gaussian Blur በጥቂቱ ይለዝባል። Overlay የተመረጠው ቅንጣቱን በመካከለኛው ግራጫ ላይ አጉልቶ በጣም ጥቁርና በጣም ነጭ በሆነው ቦታ ላይ ስለሚያደበዝዘው ነው። ሌየሩ በተጨመረው ሰው ላይ ብቻ መወሰን አለበት፤ መላውን ፎቶ ከሸፈነ የቀድሞዎቹ ሰዎች ድርብ ቅንጣት ይይዛሉ፣ ልዩነቱም እንዳለ ይቀራል።

ውጤቱ የሚመረመረው በ100% እይታ፣ የእሱን ጉንጭ ተመሳሳይ ግራጫ ካለው የጎረቤቱ ጉንጭ ጋር በማነጻጸር ነው። ከግድግዳው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ የግድግዳው ግራጫ ከፊቱ ግራጫ ከተለየ ቅንጣቱም የተለየ ሆኖ ይታያልና።