ለማላውቀው ሰው ስጽፍ ከፕሮፋይሉ የቱን ልጥቀስ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የወሎ ልጅ መሆኗን አይቻለሁ። በእሱ ብጀምር ይበቃል።»

ደሴና ኮምቦልቻ ሥራ የሚጀምሩ ልጆች መልእክታቸውን ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ የማገኘው መክፈቻ ይሄ ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው አገሩ ነው። ቡና ላይ ሲሆን ደግሞ ያምራል፤ ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ ስላለ ዘመድ እስከ መቁጠር ይደረሳል። ስልክ ላይ ግን መጀመሪያ የምትታየው አንዲት መስመር ናት። «እኔም የወሎ ልጅ ነኝ» ደግሞ ለሺህ ሰው ልትላክ ትችላለች። አንባቢዋም ይሄን ታውቃለች፤ ቀጥሎ ውለታ ልትጠየቅ እንደሆነ ወዲያው ትገምታለች።

እኔ እንዲህ እፈትነዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳልቀይር ለሌላ ሰው ብልከው ያስኬዳል? ካስኬደ የጠቀስኩት ነገር የእሷ አይደለም ማለት ነው።

«ብዙ ነገር ከጠቀስኩ በደንብ እንዳነበብኩ ይገባታል።»

የሚገባት ሌላ ነው፤ ስትከታተላት የከረምክ ይመስላታል። አንድ ነገር ይበቃል። ከባዱ የቱን እንደሚመርጡ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ የሆቴል ጨርቅ የሚሰፋ ልጅ አለ እንበል። አዲስ አበባ ላለች የሆቴል ግዥ ኃላፊ በሊንክድኢን ሊጽፍ ነው። ገጿ ላይ አምስት ነገር አገኘ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። በሥራው አራት ዓመት ቆይታለች። ሐይቅ ዳር ከልጆቿ ጋር የተነሳችው ፎቶ አለ። ስለ ቱሪዝም የተጻፈ የሌላ ሰው ጽሑፍ አጋርታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ የጠረጴዛ ልብሶቻቸው በታጠቡ ቁጥር ቀለማቸው እየለቀቀ እንዳስቸገራት ራሷ ጽፋለች።

ዩኒቨርሲቲውና አራቱ ዓመት ብዙ ሰው የሚጋራቸው ናቸው። ልጆቿ የእሱ ጉዳይ አይደሉም። ያጋራችው ጽሑፍ የሌላ ሰው ሐሳብ ነው፤ ላታነበውም ትችላለች። የቀረው የጠረጴዛ ልብሱ ነው። በራሷ እጅ የተጻፈ ነው፣ ቅርብ ጊዜ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ወደሚሰፋው ጨርቅ በቀጥታ ይወስዳል። ይሄ ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ብቻቸውን ዋጋ የላቸውም። መክፈቻው አንድ መንገድ፣ ጥያቄው ሌላ መንገድ ከሄደ ማባበያ ይመስላል።

ከመጻፉ በፊት ግን ከጽሑፉ ሥር ያሉትን አስተያየቶች ማንበብ አለበት። «አሁን ሌላ አቅራቢ አግኝተናል» ብላ መልሳ ይሆናል። ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ችግሩ ካልተፈታ እንዲህ ቢጽፍ ጥሩ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የጠረጴዛ ልብሶቻችሁ ሲታጠቡ ቀለማቸው እንደሚለቅ የጻፉትን አነበብኩ። የሚታጠቡት በበረኪና ነው? እኛ ኮምቦልቻ የሆቴል ጨርቅ እንሰፋለን፤ በረኪና የሚችል ጨርቅ አለን። አጥበው እንዲያዩት አንድ ናሙና ልላክልዎት?»

ጥያቄው ዝም ብሎ የገባ አይደለም። በረኪና ብዙ ዓይነት ቀለም ያስለቅቃል፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ያነበበውን መልሶ ከመንገር አልፎ አንድ እርምጃ ሄዷል።

«ሙገሳ ቢቀድም ልብ ያለሰልሳል።»

«ድንቅ ሥራ ነው» ለማለት ምንም ማንበብ አያስፈልግም። ስለዚህ ምንም አያሳይም።

«ስሙን አይቼ እንኳን አደረሰህ ብዬ ብጀምርስ?»

ሌላው ቢቀር የወሎ ሰው ይህን ማድረግ የለበትም። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በሚዛመዱበት አገር ስም አይቶ ሃይማኖት መገመት ያሳፍራል። እሱ ራሱ ስለ በዓሉ ቢጽፍ እንኳ ለማያውቁት ሰው በሚላክ የሥራ መልእክት መክፈቻ አላደርገውም። የቤተሰብ ሐዘን፣ ሕመምና ሰፈርም እንዲሁ ናቸው። በገሃድ ተጽፎ ቢገኝም የተጻፈው ለወዳጆቹ ነው።

«ፕሮፋይሉ ላይ ካለ እውነት ነው።»

አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ስለያዘችው ኃላፊነት ጠቅሼ ጻፍኩላት። ቦታውን ከለቀቀች ቆይታ ኖሯል፤ ገጹን ግን አላደሰችውም ነበር። የለቀቀችውም በቅሬታ ነበር። እሷ በጨዋ ቃል መለሰችልኝ፤ እኔ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። አሁን የሥራ መደብ ከመጥቀሴ በፊት የመጨረሻ ጽሑፏ መቼ እንደሆነና የመሥሪያ ቤቱ ገጽ አሁንም ስሟን እንደያዘ አያለሁ። ሞክሼም ብዙ ነው፤ ፎቶውንና ከተማውን ማስተያየት ግድ ይላል።

«ምንም ካላገኘሁ ትንሿንም ነገር ልጥቀስ።»

አይጥቀሱ። ገጹ ባዶ ከሆነ ማን እንደሆኑ፣ ለምን እሷን እንደመረጡና ምን እንደሚፈልጉ በሦስት መስመር ይጻፉ። «የሆቴሉን ግዥ የሚመሩት እርስዎ መሆንዎን አይቼ ነው የጻፍኩልዎ» ማለት በቂ ምክንያት ነው።