ተመዝግቦ መቅረት፦ የመቅረት መጠን ምንድን ነው?

ለአንድ ነጻ ሥልጠና 200 ሰው ተመዘገበ እንበል። በዕለቱ የመጣው ግን 90 ነው። የቀሩት 110 ሰዎች ከተመዝጋቢው 55 በመቶ ይሆናሉ። የመቅረት መጠን የምንለው ይህንን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ቆጠራው ነው። ሁለቴ የተመዘገበ ሰው አንዴ ብቻ ይቆጠራል። አስቀድሞ “አልችልም” ያለም ዝም ብሎ ከቀረው ተለይቶ ይያዛል። ትልቁ ስህተት የሚሠራው ግን በር ላይ ነው። ሳይመዘገቡ የመጡ 30 ሰዎችን ደምረን “120 ሰው መጣ” ካልን፣ መጠኑ ወደ 40 በመቶ የወረደ ይመስላል። ስለዚህ በር ላይ ጭንቅላት መቁጠር አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ሰው ስም ከመዝገቡ ጋር መመሳከር አለበት።

55 በመቶ ብቻውን ብዙም አይናገርም። ነጻ ዝግጅት ላይ መመዝገብ ኪስ ስለማይነካ፣ ከሚከፈልበት ይልቅ የሚቀረው ሰው ይበዛል። ወሬው ያለው ሰዉ በየት በኩል እንደተመዘገበ ሲለይ ነው። ለእያንዳንዱ የማስታወቂያ መንገድ የተለያየ ሊንክ መስጠት ለዚህ ይበቃል። “ከየት ሰሙ?” ብሎ መጠየቅም ይቻላል፣ ግን ሰው ይረሳል።

በምሳሌያችን 120ዎቹ የተመዘገቡት ተከፍሎበት በማኅበራዊ ሚዲያ በወጣ ማስታወቂያ ነው፤ ከነሱ 36 ብቻ መጡ። ቀሪዎቹ 80 ለቀድሞ ሠልጣኞች በተላከ መልእክት የተመዘገቡ ናቸው፤ ከነሱ 54 መጡ። ማስታወቂያው “ነጻ ሥልጠና ከሰርተፍኬት ጋር” ይላል። ሙሉ ቀን እንደሚፈጅ ትንፍሽ አይልም። መልእክቱ ላይ ግን ርዕሱም ሰዓቱም ተጽፏል። ወጪውም ሲታይ እንደዚያው ነው፦ የማስታወቂያው ክፍያ ለ120 ሲካፈል ርካሽ ይመስላል፤ ለ36 ሲካፈል ግን አንድ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ያስወጣል።

ማስታወቂያውን ከመውቀስ በፊት የተመዘገቡበትን ቀን ማየት ያስፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ቀደም ብለው የተመዘገቡት በብዛት ከቀሩ፣ ችግሩ መርሳት ሊሆን ይችላል፤ የጎደለውም የማስታወሻ መልእክት ነው። ማስታወቂያውን ያዩት ግን ዋዜማው ላይ ተመዝግበውም ከቀሩ፣ መርሳት ነው ማለት አያስኬድም። ያኔ የሚጠረጠረው የተገባው ቃል ነው። ዝናብ ወይም የትራንስፖርት ችግር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም መንገድ ይነካል። በአንድ መንገድ የተመዘገቡት 10 ሰዎች ብቻ ከሆኑ ግን የሁለት ሰው መቅረት 20 በመቶ ስለሆነ፣ ከዚያ ተነስቶ መፍረድ ይከብዳል።

ጥርጣሬውን ለማጣራት ከቀሩት ለጥቂቶቹ መደወል ጥሩ ነው። “ለምን ቀሩ?” ከተባለ መልሱ ያው “ሥራ በዛብኝ” ነው፤ ይሉኝታ አለ። “ሲመዘገቡ ምን ዓይነት ሥልጠና መስሎዎት ነበር?” የሚለው ጥያቄ የተሻለ ያናግራል።