ሬዙሜ መከርከም ምንድን ነው?

ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሥራ ፈላጊዎች ዕድሜያቸው እንዳይታይ ሬዙሜያቸውን ሲያሳጥሩ የሚሰጣቸውን «ከ2010 በፊት ያለውን ሁሉ ቁረጡ» የሚል ምክር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት መቁጠር ትቻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መካሪው መከርከምን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አምታቶታል። የሚወጣው ለተፈለገው ሥራ ማስረጃ የማይሆነው ነው። ዕድሜ ከዓይን መራቁ አብሮ የሚገኝ ጥቅም ነው እንጂ መለኪያው እሱ አይደለም።

ቡና ያለው ገበሬ ልዩነቱን ያውቃል። ሲጎነድል ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ እንደገና እስኪያፈራም ዓመታት ይጠብቃል። ሲገርዝ ግን የደረቀውንና ብርሃን የሚከለክለውን ቅርንጫፍ ብቻ ያነሳል። መካሪያችን ግረዙ እያለ ያስጎነድላል፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሥራ ፈላጊ ደግሞ እስኪያቆጠቁጥ መጠበቅ አይችልም።

ሜሪላንድ የሚኖሩ የ58 ዓመት ወይዘሮ ለአብነት እንውሰድ። ከ1990 እስከ 1997 አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ሠርተዋል፤ ከ1999 እስከ 2007 የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ፣ ከ2007 እስከ 2015 የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ከፍተኛ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። አሁን የሚፈልጉት የሂሳብ ክፍል ኃላፊነት ነው፤ ቀጣሪው የሂሳብ ሥርዓቱን ወደ አዲስ ፕሮግራም እያዛወረ ነው።

በመካሪው ደንብ ከሄዱ የሂሳብ ሥራቸውን የጀመሩበትን 2007ን 2010 ለማድረግ ይፈተናሉ። ይህ መከርከም ሳይሆን ሐሰት ነው፤ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ሲጠየቅ ይጋለጣል። እኔ ብሆን ሁለቱን የቅርብ ሥራዎች ከነዓመታቸው በዝርዝር አስቀምጣለሁ። ገንዘብ ተቀባይነቱን ሙሉ በሙሉ አወጣለሁ። የባንኩን ግን፣ ከሁሉም ያረጀ ቢሆንም፣ «ቀደም ያለ ልምድ» በሚል ርዕስ ሥር ያለ ዓመት በአንድ መስመር አኖረዋለሁ፦ «የቅርንጫፉን መዝገብ ከእጅ ጽሕፈት ወደ ኮምፒውተር ካዛወሩት ሠራተኞች አንዷ»። ቀጣሪው የሚፈልገው ይህንኑ አይደል? የምረቃው ዓመት ይወጣል፣ ዲግሪው ይቀራል። «ከ30 ዓመት በላይ ልምድ ያላት» የሚለው መክፈቻም ይሄዳል፤ በየወሩ ስንት የክፍያ ሰነድ እንደሚያጣሩ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ይተካዋል።

ከመጠን በላይ መቆረጡ የሚታወቀው ቃለ መጠይቅ ላይ «ከዚህ በፊት የት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ሲደጋገም ነው። ሊንክድኢን ላይ ሁሉም ዓመት ተዘርዝሮ ከቀረም ድካሙ ከንቱ ነው።

አንድ ሌላ መካሪ «የምረቃ ዓመት መጠየቅ በአሜሪካ ሕገ ወጥ ነው» ብሏል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ቢከለክሉትም በመላ አገሪቱ ግን እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የ1967ቱ የፌዴራል ሕግ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ከአድልዎ ይከላከላል፤ ጥያቄውን በራሱ ግን አይከለክልም። ስለዚህ ሬዙሜው የእርስዎ ምርጫ ቢሆንም፣ የሚፈረምበት የማመልከቻ ቅጽ ሙሉ የሥራ ታሪክ ከጠየቀ ገንዘብ ተቀባይነቱም ከነዓመቱ ይጻፋል። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያመለክት ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ይተወው፤ እዚያ ልምድ በደብዳቤ ተደምሮ ስለሚቆጠር የተቆረጠ ዓመት የጠፋ ዓመት ነው።