ለሩቅ ትውውቅ የሚላክ የሐዘን መልእክት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የለንም። ብጽፍላት ‘ይቺ ደግሞ ማን ናት?’ ትለኛለች፤ ዝም ብል ይሻላል።»

ሐዘንተኛን የሚያስቸግረው የላኪው ሩቅነት ሳይሆን ላኪው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ስልኳ ላይ ስማችሁ ካልተመዘገበ የሚታያት ቁጥር ብቻ ነውና መልእክቱን ማንነታችሁን በመንገር ጀምሩ፤ ስምና የምትተዋወቁበት ቦታ ይበቃል። «ከግዥ ክፍል እከሌ ነኝ» በቂ ነው። «አምና ሥልጠናው ላይ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አጠገብሽ የነበርኩት» ማለት ግን ለቅሶ ቤት የተቀመጠችን ሰው ትዝታ ማስቆፈር ነው።

«ስለማልቀርባት እንደ ደብዳቤ አድርጌ በከባድ ቋንቋ ልጻፍ።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በደረሰብዎት መሪር ሐዘን የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽኩ ለመላው ቤተሰብዎና ወዳጅ ዘመድዎ መጽናናትን እመኛለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፈው፣ ድርጅት በጋዜጣ የሚያወጣው ነው። እዚያ ቦታው ነው፤ የሚናገረው ተቋም ነዋ። አንድ ሰው ለአንድ ሰው በስልክ ሲልከው ግን ከሌላ ቦታ የተቀዳ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ሌላ ክፍል የምትሠራ፣ በዕድሜ እኩያችሁ የሆነች፣ ደረጃ ላይ ስትገናኙ «እንዴት አደርሽ» የምትባባሉ ባልደረባ እናቷ ዐረፉ እንበል። መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ሰላም ላንቺ ይሁን። ከግዥ ክፍል እከሌ ነኝ። የእናትሽን ማረፍ ከባልደረቦቻችን ሰምቼ በጣም አዘንኩ። እግዚአብሔር አንቺንም ቤተሰብሽንም ያጽናችሁ። መልስ ለመጻፍ አትቸገሪ።»

«አንቺ» የተባለችው ከሐዘኑ በፊትም «አንቺ» ስለምትባል ነው። ሐዘን ስለደረሰባት ብቻ በድንገት «እርስዎ» ቢሏት አክብሮት አይሆንም፣ መራቅ ነው። ከዚህ ቀደም «እርስዎ» የሚባሉ አለቃ ወይም ጎረቤት ግን እንደ ወትሮው «እርስዎ» ይባላሉ። ለሟቿ እናት ደግሞ ሁልጊዜ የአክብሮቱ አነጋገር ነው፤ «ዐረፉ»፣ «ማረፋቸውን ሰማሁ» ይባላል። «እናትሽ ሞተች» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ስድብ ባይሆንም ጆሮ ላይ ይከብዳል።

«አንቺ» ልበል ወይስ «እርስዎ» የሚያሰኝ ትውውቅ ከሆነ አማርኛ መውጫ አለው። ምኞቱን ለቤተሰቡ በሙሉ አድርጉት። «ያጽናችሁ»፣ «መጽናናቱን ይስጣችሁ» ሲባል ሁሉንም ስለሚያቅፍ ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

«ደረቅ እንዳይሆን ትንሽ ቅርበት ልጨምርበት፤ ‘እንደ እናቴ ነበሩ’ ብል ምን አለበት?»

አግኝታችኋቸው የማታውቁ ከሆነ አለበት። ልጃቸው ማን ቤታቸው ይመላለስ እንደነበር ታውቃለች። «ምን ነበር ያመማቸው?» ማለትም እንደዚሁ ነው፤ ጥያቄ መልስ ይጠይቃል፣ ያንኑ ታሪክ በዚያ ቀን ስንት ሰው አስደግሟታል። «ዕድሜ ጠግበው ነው» የሚለውም ለቅርብ ዘመድ እንኳ በጥንቃቄ የሚባል ነው። ከሩቅ ሰው የሚጠበቀው የግል ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ስለምታውቁት ሰው አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር። ሟቿን አንዴ ቢሮ መጥተው አይታችኋቸው ከሆነ «አንድ ቀን ቢሮ መጥተው ሰላም ብለውኝ ነበር» ማለት ከአሥር ቅጽል ይበልጣል። ካልሆነ ይተውት።

«‘ነፍስ ይማር’ ለሁሉም ይሆናል።»

ለኦርቶዶክስ ምእመን የተለመደ ነው፤ «ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን» የሚሉም አሉ። ፕሮቴስታንት አማኞች ግን በአብዛኛው ለሞተ ሰው ነፍስ ምሕረት ስለማይለምኑ ቃሉ አይመቻቸውም፤ ለእነርሱ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ይሻላል። ለሙስሊም ቤተሰብ «አላህ ይዘንላቸው፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» ቢባል ክርስቲያን ጽፎትም ያምራል። ሩቅ ትውውቅ እንደመሆኑ እምነታቸውን አለማወቅ ያጋጥማል። ከስም ተነስቶ መገመት ያሳስታል፤ «ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣችሁ» ከሁሉም ጋር ይሄዳል።

«ዋናው ቶሎ መላክ ነው።»

ይህ ከቃላት ምርጫ ሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርስ ስህተት ነው። በእኛ አገር መርዶ በሥርዓት ይነገራል። ዘመድና ወዳጅ ተሰባስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ሄዶ ነው የሚያረዳው፤ ብቻውን እንዳይሰማና የሚይዘው ሰው እንዲኖር። ውጭ አገር ያለ ሰው ሲሆን ደግሞ እዚያ ያሉ ጓደኞቹ እስኪሰባሰቡ ድረስ ወሬው ሰዓታት አልፎም ቀናት ሊደበቅ ይችላል። በዚህ መሃል ሩቅ የሆነው ሰው ከፌስቡክ ወይም ከሰፈር ሰምቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይልካል። የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር በተቆለፈ ስልክ ላይ እንኳ ሊነበብ ይችላል፤ አውቶቡስ ውስጥ ወይም የሌሊት ሥራ ላይ ያለች ልጅ የእናቷን ሞት በዚያ መስመር ታውቃለች ማለት ነው።

መጻፍ የሚቻለው ቤተሰቡ ራሱ ካስታወቀ ወይም መሥሪያ ቤቱ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ከነገረ በኋላ ነው። ከሁለቱ አንዱም ከሌለ በቅርብ የሚያውቃትን ሰው «መርዶ ተነግሯታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አላውቅም» የሚል መልስ ከመጣ እስከ ነገ ይቆይ። የሩቅ ሰው መልእክት በአንድ ቀን መዘግየቱን የሚቆጥር የለም። በፌስቡክ ገጿ ላይ ቀድሞ መጻፍማ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ገና ላልሰሙ እህትና ወንድሞቿም ማርዳት ይሆናል።

«መልእክት ከላክሁ ለቅሶ መሄድ አይጠበቅብኝም።»

ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ላለ ሰው እውነት ነው። አንድ ከተማ ላይ ላላችሁ ግን መልእክቱ መሄድን አይተካም። ለብቻ መግባት ከከበደ ከባልደረቦች ጋር ሆኖ ሄዶ፣ ሐዘንተኛዋን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ መነሳት ነው። እንዲያውም ለሩቅ ትውውቅ ከስልክ ጥሪ ይልቅ ይህ ይቀላል፤ ለቅሶ ቤት መቀመጥ በራሱ ንግግር ስለማይፈልግ።

«አርባው ካለፈ አይጻፍም።»

ይጻፋል፤ የሚለወጠው አጻጻፉ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሥራ ለተመለሰች ሰው «መሪር ሐዘን» ብሎ መጀመር ቁስሉን ከአዲስ ይነካካል፤ ለምን እንደዘገዩ ረጅም ይቅርታ መደርደርም «ምንም አይደል» እያለች እሷ እንድታጽናናችሁ ያደርጋል። «የእናትሽን ማረፍ አሁን ገና ሰማሁ፤ በጊዜው ባለመድረሴ አዝናለሁ፤ ፈጣሪ ያጽናሽ» ብሎ ማቆም ነው። ደረጃ ላይ ከተገናኛችሁ ደግሞ ይኸው ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ በአፍ ይነገራል።