የግላዊነት ፖሊሲ ምንድን ነው? ከመመዝገባችን በፊት የቱን ክፍል እናንብብ?

የግላዊነት ፖሊሲ ማለት አንድ ድረ ገጽ ከእኛ ምን እንደሚሰበስብ፣ ለምን እንደሚፈልገው፣ ለማን እንደሚሰጥና እስከ መቼ እንደሚያቆይ የሚናገርበት ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል Privacy Policy ተብሎ ይቀመጣል። ፖሊሲ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መረጃችንን ለብዙዎች እንደሚሰጥ በግልጽ የሚጽፍም አለና።

ሳቢያን ሰፈር የምትኖር አንዲት ልጅ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ሥራ ፈለገች እንበል። ቴሌግራም ላይ ያየችውን ሊንክ ስትነካ ፎርም ይመጣል። ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን፣ ከዚያም የመታወቂያ ፎቶ ከፊትና ከጀርባ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ፎርሙንና ፖሊሲውን ታስተያይ። ፖሊሲው የሚሰበስበው ስምና ኢሜይል ብቻ ነው ካለ፣ መታወቂያው ለምን ተፈለገ? እንዲህ ሲሆን ፖሊሲው ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። የድርጅቱ ስም መግባት ባለበት ቦታ Your Company Name የሚል ሳይቀየር ቀርቶ ካገኘች ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው አላነበቡትም ማለት ነው።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ለማን ይሰጣል? ሁሉን ማንበብ አይጠበቅባትም። ስልኳ ላይ ፖሊሲውን በክሮም ከፍታ ሦስቱን ነጥቦች ነክታ Find in page ውስጥ share ብላ ትፈልግ፤ ከዚያ third parties፣ ማለትም ሦስተኛ ወገኖች። እዚህ ጋ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። «መረጃዎን አንሸጥም» የሚል ገጽ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «ለንግድ አጋሮቻችን ልናጋራ እንችላለን» ሊል ይችላል። አልሸጠም፤ ግን ሰጠ። አጋሮቹ እነማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚሰጣቸው ካልተጻፈ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ማመልከቻዎን ላመለከቱበት ቀጣሪ ብቻ እናስተላልፋለን» የሚለው ግን ወሰኑ የታወቀ ነው።

በመጨረሻ retain እና delete ብላ ትፈልግ። የሚቆይበት ጊዜና የማስጠፊያው መንገድ እዚያ ይገኛል። አገራችን ውስጥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃችን እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። ይሁንና ገጹ ላይ የባለቤቱ ስም፣ አድራሻና ኢሜይል ከሌለ ጥያቄው ለማን ይቀርባል? እኔ ይህን ካላገኘሁ አልመዘገብም።

ያማረ ፖሊሲም ቢሆን የጽሑፍ ቃል ነው። ከጀርባ የሚደረገውን ከእሱ ማየት አይቻልም። የመታወቂያ ፎቶ ደግሞ እንደ ስልክ ቁጥር አይቀየርም። ስለዚህ ልጅቷ ስምና ስልኳን ሞልታ፣ መታወቂያውን ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ በአካል ብታሳይ ይሻላል። ፎርሙ ያለ ፎቶው አላልፍም ካላት ዘግታው፣ ማስታወቂያው የእውነት መሆኑን ቀጠናው ሄዳ ከቀጣሪው ትጠይቅ።